የአውሮፕላን ክንፍ ለምን ወደ ኋላ ይዘማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ አካባቢ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የምናስተምርበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል አውሮፕላኖች በመስኮቱ ያልፋሉ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ የቅድሙ ክንፉ ቀጥ ያለ ነበር። ይሄኛው ግን ወደ ኋላ ሄዷል። ለምን?" አለችኝ። የዚያን ቀን ትምህርት ትተን ስለ ክንፍ ስናወራ ዋልን። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከተማሪም፣ ከወላጅም፣ ቡና ከምንጠጣባቸው ወዳጆቼም ይመጣል። ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ቀጥ ያለ ክንፍ ያለው የትኛው ነው? የዘመመውስ?

ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጅማ በፕሮፔለር አውሮፕላን ሄዳችሁ ከነበረ፣ የተሳፈራችሁት ዳሽ 8 ሳይሆን አይቀርም። ክንፉ ከሆዱ ግራና ቀኝ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ፍጥነቱ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

ለረጅም ጉዞ የሚሄደው ቦይንግ 787 ደግሞ ክንፉ ወደ 32 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ዘሟል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። በመሃል ያለው ቦይንግ 737 ከ787 ትንሽ ዘግየት ይላል፤ የእሱ ክንፍ የዘመመው 25 ዲግሪ ያህል ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ማዕዘኑም አብሮ እንደሚጨምር ልብ በሉ።

የድምፅ ፍጥነት ከክንፍ ጋር ምን አገናኘው?

አየር ክንፍ እየመጣ መሆኑን የሚያውቀው በግፊት ነው። ክንፉ ፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፣ ያ አየር ቀጥሎ ያለውን ይገፋል፣ እንዲህ እያለ ወሬው ወደ ፊት ይሄዳል። ወሬው የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነው፤ ምክንያቱም ድምፅ ራሱ ሌላ ነገር ሳይሆን በአየር ውስጥ የሚሄድ የግፊት ለውጥ ነው።

መርካቶ ውስጥ ሸክም የተሸከመ ሰው "መንገድ! መንገድ!" እያለ ሲመጣ አስቡ። ድምፁ ቀድሞት ይደርሳል፣ ሰዉ ዞር ዞር ይላል፣ እሱም ማንንም ሳይነካ ያልፋል። አሁን ያ ሰው ከራሱ ጩኸት ፈጥኖ ቢሮጥስ? ፊቱ ያሉት ምንም ሳይሰሙ ይደርስባቸዋል። ሰዉ እርስ በርሱ ይጋፋል፣ አንድ ቦታ ላይ ይታጨቃል። አየርም እንዲሁ ነው። ወሬው አስቀድሞ ካልደረሰው ቀስ ብሎ መንገድ መልቀቅ አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ነገር ይስታል። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ድምፅ በሰዓት 1,236 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ግን የተለመደው ሙቀት ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ድምፅ ወደ 1,062 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ በሰዓት 903 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን እዚህ መሬት አጠገብ ቢሆን ኖሮ የድምፅን 73 በመቶ ነበር የሚሄደው። እላይ ግን 85 በመቶ ይሆናል። ይህ ንጽጽር ማክ ቁጥር ይባላል፤ 85 በመቶው ማክ 0.85 ማለት ነው።

አውሮፕላኑ ከድምፅ አይፈጥንም። ታዲያ ሾክ ዌቭ ከየት ይመጣል?

ይህ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ነው። አውሮፕላኑ ከድምፅ አይፈጥንም፣ በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ግን ሊፈጥን ይችላል።

የክንፍ የላይኛው ፊት ጎበጥ ያለ ነው። አየር በዚያ ጉብታ ላይ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። አውሮፕላን የሚነሳውም በዚህ የግፊት ልዩነት ነው። እንግዲህ አውሮፕላኑ በማክ 0.85 እየሄደ አየሩ ክንፉ ላይ ትንሽ ከፈጠነ፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ከድምፅ ያልፋል። ክንፉ ጀርባ ላይ ከድምፅ የፈጠነ አየር የያዘች ትንሽ ኪስ ትፈጠራለች።

ችግሩ የሚመጣው ኪሷ የምታልቅበት ቦታ ላይ ነው። አየሩ ወደ ክንፉ የኋላ ጠርዝ ሲደርስ እንደገና መዘግየት አለበት። ከኋላው "ፍጥነት ቀንስ" የሚለው ወሬ በድምፅ ፍጥነት ወደ ፊት ይመጣል፣ አየሩ ግን ከድምፅ ፈጥኖ እየመጣ ነው። ወሬው ወደ ፊት ማለፍ ያቅተዋል። የተገፋው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። እዚያ ቦታ ላይ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይዘላል፣ ፍጥነቱም በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ሾክ ዌቭ የሚባለው ይህ ነው፤ ከፀጉር በጣም የሳሳ፣ ክንፉ ላይ የቆመ የግፊት ግድግዳ።

ግድግዳው ደካማ ከሆነ ብዙ አይጎዳም። እንዲያውም የዛሬ አውሮፕላኖች ረጅሙን በረራ የሚጨርሱት ክንፋቸው ላይ ደካማ ሾክ ይዘው ነው። አየሩ ከድምፅ 1.3 እጥፍ ገደማ ሲፈጥን ግን ነገሩ ይለወጣል። ክንፉን ተለጥፎ የሚሄደው ቀጭን አየር የግፊቱን ዝላይ መቋቋም ያቅተዋል፣ ከክንፉ ይላቀቃል። ያኔ ጎታች ኃይሉ ያሻቅባል፣ ክንፉ ይንቀጠቀጣል። የማንሳት ኃይሉ የሚያርፍበት ቦታም ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ታች መድፋት ይጀምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበረው ፒ-38 የተባለ ቀጥ ያለ ክንፍ ያለው ተዋጊ አውሮፕላን በከፍተኛ ፍጥነት ሲወረወር እንዲህ ይሆን ነበር። አብራሪው መሪውን ቢጎትት እንኳ አፍንጫው አልነሳ ይላል። በዚህ የተነሳ አብራሪዎች ሞተዋል።

እሺ፣ ክንፉን ማዘመም ታዲያ ምን ያደርጋል?

ቤታችሁ ሳፋ ካለ ውሃ ሙሉበት። ማስመሪያ ውሰዱና በጎኑ አቁማችሁ እስከ ግማሹ ውሃው ውስጥ አስገቡት። አሁን ወርድ ለወርድ፣ ማለት ሰፊው ፊቱ ውሃውን እንዲገፋ አድርጋችሁ ጎትቱት። ውሃው ፊቱ ላይ ይቆለላል፣ ከኋላው ይጎደጉዳል። ቀጥሎ ያንኑ ማስመሪያ በርዝመቱ አቅጣጫ ጎትቱት፤ ልክ ቢላ በቅቤ ውስጥ እንደሚሄድ። ውሃው ብዙም አይነቃነቅም።

ክፍል ውስጥ ይህን ስንሠራ ልጆቹ ወዲያው ነው የሚገባቸው። ፈሳሹን የሚረብሸው ማስመሪያውን አቋርጦ የሚመጣው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በርዝመቱ የሚሄደው እንቅስቃሴ ምንም ጉብታ አያገኝም፣ ስለዚህ ምንም አይገፋም፤ ያለው ትንሽ ሰበቃ ብቻ ነው።

ክንፍ ሲዘም፣ ከፊት የሚመጣው አየር ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። አንዱ ክፍል ክንፉን በቀጥታ ያቋርጣል። ሌላው ክንፉን ተከትሎ ወደ ጫፉ ይንሸራተታል። ጉብታውን የሚወጣው፣ የሚፈጥነው፣ ሾክ የሚፈጥረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የ787ን 32 ዲግሪ ወስደን እናስላው፦

```
0.85 × cos 32° = 0.72
903 × cos 32° = 766 km/h
903 × sin 32° = 479 km/h
```

አውሮፕላኑ በሰዓት 903 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው። ክንፉን የሚያቋርጠው አየር ግን 766 ብቻ ነው። 479ኙ በክንፉ ርዝመት እየተንሸራተተ ያልፋል። (ሁለቱን ደምራችሁ 903 ካልመጣ አትደንግጡ፤ ሁለቱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ላይ ስላሉ የሚደመሩት በፓይታጎረስ ሕግ ነው።) አውሮፕላኑ ማክ 0.85 ላይ ሆኖ ክንፉ ግን "ማክ 0.72 ላይ ነኝ" ብሎ ያምናል።

አሁን አንድ ክንፍ አለን እንበል። ቀጥ ብሎ ቢገጠም ማክ 0.75 ላይ ሾኩ ይበረታል፣ ጎታች ኃይሉም ማሻቀብ ይጀምራል። በዚህ ክንፍ በማክ 0.85 መሄድ አይታሰብም፤ ሞተሩ ነዳጅ ይጨርሳል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ያንኑ ክንፍ 32 ዲግሪ ብናዘምመው የሚያየው 0.72 ነው። ከ0.75 በታች ስለሆነ ሾኩ ገና አልበረታም። ሾኩ ጠፋ ማለት አይደለም። የሚበረታበት ፍጥነት ወደ ላይ ተገፋ ማለት ነው።

"አየሩ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። ስህተት ነው?

አይደለም፤ ያንኑ ነገር በሌላ በኩል ማየት ነው። እንጦጦን ቀጥ ብሎ መውጣት ያደክማል። ዳገቱን አግድም እየቆረጡ የሚወጡ ሰዎች የሚደርሱት ያው ከፍታ ላይ ነው፣ ግን መንገዳቸው ስለሚረዝም ዳገቱ ይለዝብላቸዋል። አየርም የዘመመ ክንፍን ሰያፍ ሲያልፍ ጉብታው ያው ቁመት ነው፣ መንገዱ ግን ረዝሟል። ለአየሩ ክንፉ የሳሳ ይመስለዋል። ለጀማሪ ይህ ይበቃል። ስሌት ውስጥ ስትገቡ ግን የማስመሪያው ነገር ይሻላል፣ ምክንያቱም ዋጋውንም አብሮ ይነግራችኋል። ዋጋው ቀጥሎ አለ።

ታዲያ ለምን 60 ዲግሪ አያዘምሙትም?

አንዱ ልጅ "ጠላትን ካገኙ መጨረስ ነው" እያለ የጠየቀኝ ነው ይሄ። መልሱ፦ የዘመመ ክንፍ ሾክን ብቻ ሳይሆን የማንሳት ኃይልንም ይቀንሳል።

ክንፉ የሚያነሳው በሚያቋርጠው አየር ነው። የማንሳት ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። 0.85 ገደማ የሆነውን የ32 ዲግሪ ኮሳይን ካሬ ስታደርጉት 0.72 ይመጣል። ማለትም የዘመመው ክንፍ ቀጥ ብሎ ቢሆን ከሚያገኘው ጉልበት ውስጥ 72 በመቶው ነው የሚቀርለት። በ60 ዲግሪ ቢሆን ሩቡ ብቻ ይቀር ነበር። ስለዚህ የዘመመ ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም አየሩን የበለጠ መጠምዘዝ አለበት። የበለጠ ሲጠመዝዝ አየሩ ጀርባው ላይ ይበልጥ ይፈጥናል፣ የሾኩም ነገር እንደገና ይመጣል። ለዚህ ነው ከማዘመም የሚገኘው ጥቅም ኮሳይኑ ከሚያሳየው ሁልጊዜ የሚያንሰው።

ከሆዱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ደግሞ ስሌቱ ጭራሽ ይሰበራል። ማስመሪያው ማለቂያ የሌለው ቢሆን ኖሮ አየሩ እንደልቡ ይንሸራተት ነበር። እዚያ ግን የአውሮፕላኑ ሆድ ግድግዳ ሆኖ ይከለክለዋል። ክንፉ ሥሩ ላይ ልክ እንዳልዘመመ ሆኖ መሥራት ይጀምራል። መሐንዲሶች የክንፉን ሥር ለብቻው የሚቀርጹት ለዚህ ነው።

ሌላው ችግር የሚታየው ቀስ ብሎ ሲበርር ነው። ወደ ጫፉ የሚንሸራተተው አየር ደካማውን፣ የዛለውን አየር እየጠረገ ጫፉ ላይ ይከምረዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሲዘገይ መጀመሪያ የማንሳት ኃይሉን የሚያጣው ጫፉ ነው። ክንፉ ስለዘመመ ጫፉ ያለው ከኋላ ነው። ከኋላ ያለው ደግፎ መያዙን ሲያቆም አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል። አፍንጫው ሲነሳ ደግሞ ነገሩ ይባስ ይሄዳል። ይህን ለመከላከል የክንፉን ጫፍ ትንሽ ወደ ታች ጠምዝዘው ይሠሩታል፣ ከሥሩ ዘግይቶ እንዲዝል። ከፊት ጠርዙም ተንሸራታች ክፍሎች ይወጣሉ። ቦሌ ልታርፉ ስትሉ የክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ፊትና ወደ ታች ሲገፋ፣ የኋላውም ሲዘረጋ ካያችሁ፣ ክንፉ በፍጥነት ያተረፈውን በዝግታ ጊዜ እየከፈለ ነው።

ለእኛ ከተማ ይህ ክፍያ ከፍ ይላል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ያንኑ ክብደት ለማንሳት እውነተኛው ፍጥነት ወደ 12 በመቶ መጨመር አለበት። የዘመመ ክንፍ ድሮም ፍጥነት ይፈልጋል፤ እዚህ ሲሆን የበለጠ ይፈልጋል። ረጅም ማኮብኮቢያ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

747 ከ787 የበለጠ የዘመመው ለምንድን ነው? ፍጥነታቸው አንድ አይደል?

አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ማክ 0.85 አካባቢ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 መጀመሪያ የበረረው 747 ግን 37.5 ዲግሪ ነው የዘመመው። ልዩነቱ የክንፉ ቅርጽ ላይ ነው። በ1960ዎቹ ሪቻርድ ዊትኮምብ የተባለ የናሳ መሐንዲስ ጀርባው ጠፍጠፍ ያለ፣ ከኋላ በኩል የታችኛው ፊቱ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ክንፍ ቀረጸ። ጀርባው ጠፍጠፍ ሲል አየሩ በጣም አይፈጥንም፣ ሾኩም ደካማ ሆኖ ወደ ኋላ ይሸሻል። የማዘመሙን ሥራ ከፊሉን ቅርጹ ራሱ ከሠራው፣ እንደ 787 ማዘመሙ ትንሽ ቢቀንስ ችግር የለውም። እኔ ሁልጊዜ ይህን ንጽጽር ለተማሪዎቼ የማሳየው፣ ማዕዘኑ ለብቻው የተቀመጠ ቁጥር እንዳይመስላቸው ነው።

ወደ ፊት ቢዘምስ?

ሾክን ለማዘግየት ያው ነው፤ ኮሳይኑ አቅጣጫ አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ1964 የበረረ ሃንዛ ጄት የተባለ ትንሽ የጀርመን አውሮፕላን ክንፉ ወደ ፊት ነበር የዘመመው። ግን ወደ ፊት የዘመመ ክንፍ አየር ሲያነሳው ጫፉ ወደ ላይ ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝ የበለጠ ይነሳል፣ ሲነሳ የበለጠ ይጠመዘዛል፣ እስከ መሰበር ሊደርስ ይችላል። ይህን የሚቋቋም ክንፍ ከባድ ይሆናል።

መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው?

አዶልፍ ቡዝማን የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ አቀረበው። እሱ ያሰበው ከድምፅ በላይ ለሚበር አውሮፕላን ነበር፤ በጊዜው ብዙም ሰው ልብ አላለውም። ከድምፅ በታችም ይጠቅማል የሚለውን አልበርት ቤትዝ አመጣ። አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ጆንስ ከእነሱ ሥራ ጋር ሳይገናኝ በ1945 ራሱ ደረሰበት። በዚያው ዓመት ጆርጅ ሼይረር የተባለ የቦይንግ መሐንዲስ ጀርመን ሄዶ ሰነዶቹን አየና ወደ ኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ። ቦይንግ በዚያ ጊዜ ቀጥ ያለ ክንፍ ያለው ቦምብ ጣይ እየነደፈ ነበር። ንድፉ ተቀየረ፣ ቢ-47 ሆኖ በ1947 ሲበርር ክንፉ 35 ዲግሪ ዘሞ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚነሳውን የጀርመኑን ሜ 262 ጄትም ልጥቀስ። ክንፉ ትንሽ የዘመመው ለሾክ ተብሎ ሳይሆን፣ ሞተሮቹ ከታሰበው በላይ ከባድ ሆነው ሚዛኑን ለማስተካከል ነው።

ከዚያ በኋላ 35 ዲግሪው ወደ መንገደኛ አውሮፕላን ተሻገረ። እዚህ አገር የመጀመሪያው ጄት ቦይንግ 720 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ገባ። ክንፉ ያው 35 ዲግሪ ነው። የልደታው አሮጌ ማረፊያ ለእንዲህ ዓይነቱ አውሮፕላን አልበቃም። ቦሌ የተሠራው ለጄቶቹ ነው። ልደታ በኩል ሳልፍ ይህ ትዝ ይለኛል፦ አንድ ማዕዘን ተለውጦ የከተማው አየር ማረፊያ ቦታውን ለቀቀ።

ሾክ ዌቭን በዓይን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፣ እኔም አይቻለሁ። ከክንፉ በላይ ወይም ትንሽ ከኋላው ባለ መስኮት ተቀመጡ። ፀሐይ ከፍ ብላ ክንፉን ከላይ የምታበራበት ሰዓት ይሻላል፤ ከአዲስ አበባ ቀትር አካባቢ የሚነሳ በረራ ለዚህ ጥሩ ነው። አውሮፕላኑ ከፍታውን ጨርሶ ሙሉ ፍጥነቱን ሲይዝ የክንፉን ጀርባ ተመልከቱ። ግፊቱ የዘለለበት ቦታ ላይ አየሩ ድንገት ስለሚታጨቅ ብርሃኑን ያጥፈዋል። ክንፉ ላይ ከሥሩ ወደ ጫፉ የተሰመረ ቀጭን ጥላ ታያላችሁ፣ አጠገቡ ፈካ ያለ መስመር ይኖረዋል። ፀሐይዋ ትክክለኛው ማዕዘን ላይ ካልሆነች አይታይም፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩ።

ጭረት መስሏችሁ እንዳታልፉት። ጭረት አይንቀሳቀስም። ይህ መስመር ግን አውሮፕላኑ ትንሽ ሲናጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይርገበገባል። ለመውረድ ፍጥነት ሲቀንስ እየሳሳ ይሄድና ይጠፋል።